የግማሽ ከረጢት ሚክሰር ዙር ምንድን ነው? አንድ ሶሌታስ ስንት ዙር ይፈጃል?

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ፎቅ የሚያሠራ ሰው ሶሌታ ሊሞላ ሲል መጀመሪያ የሚጠይቀው “ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ልግዛ?” ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። በዚያ ቀን ሥራውን የሚወስነው ሚክሰሩ ስንት ጊዜ ሞልቶ ስንት ጊዜ ይደፋል የሚለው ነው። ሚክሰሩ አንዴ ሞልቶ፣ አቡክቶ፣ እስኪደፋ ያለው ሥራ አንድ ዙር ይባላል። የዙሩ ቁጥር ከታወቀ ሲሚንቶው፣ የሠራተኛው ብዛትና ሥራው የሚያልቅበት ሰዓት ተከትለው ይመጣሉ።

የግማሽ ከረጢት ሚክሰር ማለት በአንድ ዙር 25 ኪሎ ሲሚንቶ ከአሸዋውና ከጠጠሩ ጋር የሚያቦካ ትንሹ ሚክሰር ነው። ለሶሌታ በተለመደው የአንድ ሲሚንቶ፣ የሁለት አሸዋ፣ የሦስት ጠጠር ድብልቅ፣ ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 18 ሳንቲሜትር በሆነ የእንጨት ሳጥን ሲሰፈር፣ ለግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ አንድ ሳጥን አሸዋና አንድ ተኩል ሳጥን ጠጠር ይገባል። ውኃው 13 ሊትር አካባቢ ነው። ተኩሏን በዓይን መገመት የብዙ ሥራ ጠንቅ ስለሆነ፣ በሳጥኑ ውስጥ 9 ሳንቲሜትር ላይ በሚስማር መስመር ጭሮ እስከዚያ መስፈር ይሻላል።

አሸዋውና ጠጠሩ በሳጥን ሲሰፈሩ ከሲሚንቶው ጋር ከ100 ሊትር በላይ ይሆናሉ። ከሚክሰሩ የሚወጣው ኮንክሪት ግን 70 ሊትር ያህል ብቻ ነው። አሸዋው በጠጠሩ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል፣ ሲሚንቶውና ውኃው ደግሞ በአሸዋው መካከል ያለውን። ስለዚህ የሰፈሩትን ደምሮ “ይህን ያህል ኮንክሪት አለኝ” ማለት ሲሶውን በሌለበት መቁጠር ነው። ሒሳቡ ሁልጊዜ ከሚወጣው ይጀምራል፤ አንድ ዙር 0.07 ሜትር ኩብ ነው።

አንድ ሶሌታ ወስደን እናስላ። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲሜትር ነው። ስፋቱ 48 ካሬ፣ መጠኑ 7.2 ሜትር ኩብ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ቢሞቹ ግን አብረው የሚሞሉ ናቸው። በዚህ ቤት በ8 ሜትሩ አቅጣጫ ሦስት፣ በ6 ሜትሩም ሦስት ቢሞች አሉ እንበል፤ ሲደመሩ 42 ሜትር ናቸው። ወርዳቸው 20፣ ጠቅላላ ቁመታቸው 40 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ 15ቱ ከሶሌታው ጋር ስለተቆጠረ ከሥር የሚቀረው 25 ነው። 42 በ0.20 በ0.25 ሲባዛ 2.1 ሜትር ኩብ ይሰጣል። ከሶሌታው ጋር 9.3 ሆነ። በባሬላ ሲመላለስ የሚፈሰውንና በካሳፎርማው ስንጥቅ የሚሾልከውን ለመሸፈን አምስት በመቶ ሲጨመር 9.8 ገደማ ይደርሳል። ይህ ለ0.07 ሲካፈል 140 ዙር ነው።

140 ዙር 70 ከረጢት፣ በገበያው አነጋገር 35 ኩንታል ሲሚንቶ ማለት ነው። ቢሞቹን የረሳ ሰው ግን 108 ዙር ብሎ ተዘጋጅቶ፣ ከሰዓት በኋላ ሶሌታው ሳያልቅ ሲሚንቶ ፍለጋ ሰው ወደ ሱቅ ይልካል። ሱቁ ቢዘጋ ወይም ዕቃው ባይኖር ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

አሁን ዙሩን ወደ ሰዓት እንለውጥ። ጥሩ የለመደ ቡድን አንዱን ዙር ሞልቶ፣ አቡክቶ፣ ደፍቶ እስኪጨርስ 4 ደቂቃ ያህል ይወስድበታል። በዚህ ፍጥነት 140 ዙር 9 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቢጀመር፣ ምሳ በፈረቃ ተበልቶ ሚክሰሩ ካልቆመ፣ 10 ሰዓት ከ20 ላይ ያልቃል። ዙሩ 5 ደቂቃ ከሆነ ግን 12 ሰዓት ከ40 ይደርሳል፤ ያን ጊዜ መሽቷል። በጎጃም ክረምት ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሚጥለው ዝናብ ይህን ሁሉ አይጠብቅም። እኔ ብሆን በሐምሌ እንዲህ ያለ ሶሌታ በአንድ ትንሽ ሚክሰር አልጀምርም፤ ሁለተኛ እከራያለሁ።

ፍጥነቱ ሌላም ነገር ይወስናል። ኮንክሪት ተደፍቶ መጠንከር ከጀመረ በኋላ አዲስ ቢደፋበት ሁለቱ አንድ አካል አይሆኑም፤ በመካከላቸው ውኃ የሚያስገባ መስመር ይቀራል። ስለዚህ የተደፋው ጠርዝ አንድ ሰዓት ገደማ ሳይሞላው አዲስ ኮንክሪት ሊደርስለት ይገባል። በ6 ሜትሩ ወርድ አንድ ሜትር እየተገፋ ቢኬድ፣ አንዱ ረድፍ 0.9 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 13 ዙር ወይም 52 ደቂቃ ነው። በ8 ሜትሩ ጎን ቢኬድ 17 ዙር፣ 68 ደቂቃ ይሆናል። ቢም ያለበት ቦታ ከዚህም ይረዝማል። በትንሽ ሚክሰር ሲሠራ በአጭሩ ጎን፣ ቢም ባለበትም ረድፉን ግማሽ ሜትር አድርጎ መሄድ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ቆጠራውን ለአንድ ሰው ትዝታ አለመተው ነው። ሲሚንቶው በአምስት አምስት ከረጢት ተደርድሮ 14 ክምር ይሁን፤ አንድ ክምር ሲያልቅ 10 ዙር ሆነ ማለት ነው። ሰባተኛው ክምር ሲያልቅ ሶሌታው ከነቢሙ ግማሽ ላይ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ውፍረቱን መለካት ያስፈልጋል። ካሳፎርማው ጎብጦ ወይም የላዩን ደረጃ የሚያስተካክለው ሰው ከልኩ አልፎ 15ቱ 17 ከሆነ፣ በ48 ካሬ ላይ ያለው ሁለት ሳንቲሜትር ብቻ 14 ዙር ይበላል። ውፍረቱ ልክ ከሆነ ጥፋቱ ከአሸዋው ሊሆን ይችላል። እርጥብ አሸዋ ያብጣል፤ ሳጥኑ ሞልቶ እያለ በውስጡ ያለው አሸዋ ያንሳል፣ ከእያንዳንዱ ዙር የሚወጣውም ወደ 67 ሊትር ይወርዳል። ያኔ 140ው 147 ይሆናል። እርጥብ አሸዋ ውኃም ስለሚያመጣ የሚጨመረው ውኃ መቀነስ አለበት።

ሥራው ከሒሳቡ በጣም ቀድሞ ቢያልቅስ? ባለቤቱ ሊደሰት ይችላል፣ ተቆጣጣሪው ግን ሊጨነቅ ይገባል። በ140 ፈንታ 120 ላይ ካለቀ ወይ ሶሌታው ቀጥኗል፣ ወይም ለግማሽ ከረጢት ሁለት ሳጥን ጠጠር ሲገባ ውሏል። ከረጢቱም በአካፋ በዓይን ሲከፈል የመጀመሪያው ግማሽ 30 ኪሎ፣ ሁለተኛው 20 ይሆንና አንዱ ካሬ ሲጠነክር አጠገቡ ያለው ይደክማል። አንድ ጊዜ 25 ኪሎ መዝኖ በባልዲ ላይ ምልክት ማድረግ ይህን ይዘጋዋል።

ሚክሰሩ ተበላሽቶ ወይም ዝናብ ጥሎ በመሃል መቆም ግድ ከሆነ፣ የተደፋው ባለቀበት አይተውም። በሁለት ቢሞች መካከል ካለው ርቀት መካከለኛው ሲሶ ላይ፣ ጣውላ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ፌሮው በጣውላው ውስጥ አልፎ፣ ጠርዙ ቀጥ ተደርጎ ይቆማል። በማግስቱ ያ ጠርዝ ይፋቃል፣ ይታጠባል፣ የሲሚንቶ ውኃ ይቀባል፤ ከዚያ የቀሩት ዙሮች ይቀጥላሉ።