«አምስት ዓመት ሞላው፣ ጣለው»፦ ነጋዴው ስለ ሒሳብ ሰነድ የሚሳሳታቸው ነገሮች

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የግለሰብ ነጋዴዎችን ሒሳብ ስሠራ፣ ሐምሌ በገባ ቁጥር የምሰማቸው አባባሎች አሉ።

«ገበሬ ደረሰኝ የለው! የባቲን ግዥ በምን አሳያለሁ?»

ደረሰኝ ከሻጩ ካልመጣ ገዢው ራሱ ማስረጃ ያዘጋጃል። ለዚህ የሚያገለግለው በገቢ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ የታተመና ተከታታይ ቁጥር ያለው የግዥ ቫውቸር ነው። የሻጩን ስምና አድራሻ፣ የእህሉን ዓይነት፣ ኩንታሉን፣ የአንዱን ዋጋ፣ ቀኑን ይይዛል፤ ሻጩ ይፈርምበታል ወይም አውራ ጣቱን ያትምበታል። ቫውቸሩ የሚሞላው ሰኞ ዕለት እዚያው የባቲ ገበያ ላይ ነው። በሰኔ መጨረሻ አንድ ሰው በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ ሁሉንም በሙሉ ቁጥር የሞላው ጥራዝ ገና ሲገለጥ ያስታውቃል። ኦዲተሩም ቫውቸሩን ከጭነት ክፍያውና ከባንክ ወጪው ጋር ያስተያየዋል።

ቫውቸር አለመያዝ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በምሳሌ እንየው። አንድ የ«ሀ» ደረጃ የማሾ ነጋዴ በዓመት 4,000,000 ብር ሸጠ እንበል። የሸጠውን ማሾ የገዛው በ3,300,000 ብር ነው፤ ሌላ ወጪው 200,000 ብር ነው፤ ትርፉ 500,000 ብር ይሆናል። ከግዥው ውስጥ 30 ኩንታል በ10,000 ብር ሒሳብ ያለ ቫውቸር የተገዛ ነው። ያ 300,000 ብር በወጪነት አይያዝለትም፤ ግብር የሚሰላበት ትርፍ 800,000 ብር ይሆናል። በከፍተኛው ምጣኔ፣ በ35 በመቶ፣ ጭማሪው ግብር 105,000 ብር ነው፤ ቅጣትና ወለዱ ገና አልተቆጠረም። ገንዘቡን ለገበሬው በእርግጥ ከፍሏል፤ እኔም አምነዋለሁ፤ ወጪው የሚያዘው ግን በወረቀት ነው።

«የሽያጭ ማሽን አለኝ፣ ሌላ መዝገብ ምን ያደርግልኛል?»

ማሽኑ የሚያውቀው የሸጥከውን ብቻ ነው። የ«ሀ» ደረጃ ግብር ከፋይ የየቀኑን ገቢና ወጪ፣ የሸቀጥ ግዥና ሽያጭ፣ የደመወዝ መዝገብ መያዝ አለበት። የቋሚ ንብረት መዝገብና የዓመቱ መጨረሻ የዕቃ ቆጠራም ይጨመርበታል። ብዙዎች የሚዘሉት ቆጠራውን ነው። የተሸጠው ዕቃ ዋጋ የሚገኘው በሐምሌ 1 የነበረው ላይ የዓመቱን ግዥ ደምሮ በሰኔ 30 መጋዘን የቀረውን በመቀነስ ነው። ሰኔ 30 ማታ ካልተቆጠረ፣ ሐምሌ 20 ቀን «በግምት ይህን ያህል ነበር» ማለት ይመጣል፤ ያ ግምት ደግሞ ትርፉን ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘዋል።

«ከተገዛ አምስት ዓመት አለፈው፤ ይቃጠል።»

የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 አምስቱን ዓመት የሚቆጥረው ግብሩን ካሳወቅክበት ቀን ጀምሮ ነው። ሐምሌ 2012 የገዛኸው ዕቃ የሚገባው በ2013 የግብር ዓመት ነው፤ ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን 2013 ያልቃል። የ«ሀ» ደረጃ ነጋዴ ግብሩን ጥቅምት 2014 ካሳወቀ፣ ደረሰኙ እስከ ጥቅምት 2019 ይቀመጣል። ከግዥው ቀን የቆጠረ ሰው ሐምሌ 2017 ላይ ይጥለዋል፤ አንድ ዓመት ከሦስት ወር አስቀድሞ ማለት ነው። በዚያ ላይ አዋጁ አምስቱን ዓመትና በንግድ ሕጉ የተወሰነውን ጊዜ አስተያይቶ ረጅሙን ያዝ ይላል፤ የንግድ ሕጉ ደግሞ የነጋዴ መዝገብ 10 ዓመት ይቆይ ይላል። ስለዚህ ለደንበኞቼ አስር በሉ እላለሁ።

ማሽንና መኪና ላይ ሒሳቡ ይረዝማል። በሐምሌ 2009 የተገዛ የእህል ማበጠሪያ ማሽን በቀጥተኛ ዘዴ በየዓመቱ 15 በመቶ እርጅና ቢታሰብለት፣ ከ2010 እስከ 2015 የግብር ዓመት 90 በመቶው ይነሳል፤ የመጨረሻው 10 በመቶ በ2016 ይገባል። ይህ ግብር በጥቅምት 2017 ከታወቀ፣ አምስት ዓመቱ ጥቅምት 2022 ላይ ይሞላል። የመግዣው ደረሰኝ እስከዚያ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ የዚያች የመጨረሻ ዓመት እርጅና መነሻ የላትም።

ወረቀቱ ራሱ ይቆያል ወይ? የማሽን ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ነው፤ በኮምቦልቻ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ጽሑፉ ይጠፋል፣ ነጭ ወረቀት ይቀራል። በተቀበልክበት ሳምንት ፎቶ ኮፒ አድርገህ ከዋናው ጋር አያይዘው።

«ሰነዱ ሁሉ አካውንታንቱ ጋ ነው።»

አካውንታንቱ ቢሮ ቢቀይር፣ ቢጣላህ፣ ቢሞት፣ ሰነድ አምጣ የሚባለው አንተ ነህ። ዓመቱ ሲዘጋ ዋናውን ተረከበው፤ እሱ ጋ ኮፒ ይቅር።