የትርፍ ድርሻ «ታወጀ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ኮምቦልቻ ላይ የአንድ ዱቄት ፋብሪካ ባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ተቀምጠው፣ ለእያንዳንዱ አክሲዮን 150 ብር የትርፍ ድርሻ እንዲከፈል ወሰኑ። ከደሴ ሐረጎን ወርደው የመጡ አንድ ሐጂ 400 አክሲዮን አላቸው። በአዳራሹ ውስጥ በጣታቸው ቆጥረው 60,000 ብር ደረሱ። የፋብሪካው ሒሳብ ያዥ ነኝና ማግስቱን ስልኬ ጠራ። «ልጄ፣ ገንዘቤን ዛሬ ነው የምወስደው?»

ሐጂ ገንዘቡን ያገኙት ጥር 20 ቀን ነው፤ ሒሳባቸው ውስጥ የገባውም 54,000 ብር ነበር። የሁለት ወር ልዩነትና የ6,000 ብር ልዩነት። የትርፍ ድርሻን መረዳት ማለት እነዚህን ሁለት ልዩነቶች መረዳት ማለት ነው። የድርጅቱን ስም ትቼ፣ ለማስላት እንዲመች ቁጥሮቹንም አቅልዬ ልንገራችሁ።

የትርፍ ድርሻ ማኅበሩ ግብሩን ከፍሎ ከተረፈው ላይ ለባለአክሲዮኖቹ እንደየአክሲዮናቸው ብዛት የሚያካፍለው ገንዘብ ነው። ፋብሪካው የ2016 ዓ.ም. ሒሳቡን ሰኔ 30 ሲዘጋ 6,000,000 ብር ትርፍ ነበረው። ከዚህ ላይ 30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብር፣ ማለትም 1,800,000 ብር ወጣ። ከቀረው 4,200,000 ብር ሃያኛው እጅ፣ 210,000 ብር፣ ለሕጋዊ መጠባበቂያ ተያዘ። ለጉባኤው ውሳኔ የቀረበው 3,990,000 ብር ነው። ጉባኤው ከዚህ ውስጥ 3,000,000 ብሩን ለ20,000 አክሲዮኖች አካፈለ፣ የቀረውን 990,000 ብር ደግሞ ለካፒታል ማሳደጊያ አደረገው።

ያን እሑድ ከሰዓት፣ ከባንክ አንድ ሳንቲም ሳይወጣ፣ አንድ ነገር ተቀየረ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ 3,000,000 ብሩ የማኅበሩ ነበር። ቦርዱ «ይከፋፈል» ብሎ ሐሳብ ማቅረቡ ማንንም ባለመብት አላደረገም፤ ጉባኤው ሐሳቡን ሊቀንሰው ወይም ሊጥለው ይችል ነበር። ጉባኤው ሲወስንና ቃለ ጉባኤው ሲፈረም ግን ማኅበሩ ባለዕዳ፣ ሐጂ ደግሞ አበዳሪ ሆኑ። የትርፍ ድርሻ «ታወጀ» የሚባለው ይኸኔ ነው። ስለዚህ በዚያው ቀን መዝገብ ላይ የተጠራቀመ ትርፍን 3,000,000 ብር ዴቢት አድርጌ፣ ማለትም ቀንሼ፣ «ተከፋይ የትርፍ ድርሻ» የሚለውን ዕዳ በዚያው መጠን ክሬዲት አደረግሁ፣ ማለትም ጨመርኩ። የወጪ ሒሳብ አልተነካም። የትርፍ ድርሻ የትርፍ ክፍፍል እንጂ ወጪ አይደለም፤ ወጪ ብሎ የመዘገበ ሰው የዓመቱን ትርፍ ያለአግባብ ያሳንሳል፣ የንግድ ትርፍ ግብሩንም ያዛባል።

ቀኑ ራሱም ዋጋ አለው። ውሳኔው ከ2016 ትርፍ ላይ ቢሆንም የተወሰነው በኅዳር 2017 ነው። ስለዚህ ሰኔ 30 ቀን 2016 በተዘጋው ሒሳብ ላይ እንደ ዕዳ አይታይም፤ በማብራሪያ ላይ ብቻ ይጠቀሳል። ከሪፖርት ዘመኑ በኋላ ስለሚከሰቱ ሁኔታዎች የሚናገረው ዓለም አቀፍ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 10 ይህን በግልጽ ያስቀምጣል፤ በመዝጊያው ዕለት ማኅበሩ ገና ምንም አልወሰነምና። በእኛ አካባቢ ኦዲተሮች ደጋግመው የሚያርሙት ስሕተት ይህ ነው። ሒሳቡ የሚጠናቀቀው ከጉባኤው ጥቂት ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ የታሰበውን ክፍፍል ወደ ኋላ መልሶ ለመጻፍ እጅ ይቀላል።

አሁን ወደ ሐጂ 6,000 ብር ልምጣ። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የትርፍ ድርሻን ሠንጠረዥ «መ» ውስጥ አስገብቶ፣ በጠቅላላው መጠን ላይ 10 በመቶ ግብር ይጥልበት ነበር። ግብሩ የባለአክሲዮኑ ነው፤ ቀንሶ የማስገባቱ ግዴታ ግን የከፋዩ ማኅበር ነው። ሐጂ በስልክ «ፋብሪካው አንዴ 30 በመቶ ከፍሎ የለም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። የመጀመሪያውን ግብር ማኅበሩ በራሱ ትርፍ ላይ ከፈለ፤ ሁለተኛውን ሐጂ ከእጃቸው በገባው ገቢ ላይ ከፈሉ። ሕጉ ማኅበሩንና ባለአክሲዮኑን እንደ ሁለት ሰው ነው የሚያያቸው። በሌላ በኩል ይህ 10 በመቶ የመጨረሻ ግብር ስለሆነ፣ ሐጂ ፒያሳ ያለችውን ሱቃቸውን የዓመት ገቢ ሲያሳውቁ 60,000 ብሩን አይደምሩትም። ያንን ስነግራቸው «አብሽር፣ እንግዲያውስ ይሁን» አሉኝ።

አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ፣ ከዚያ በኋላ የሚከፍል ማኅበር ምጣኔውን ክፍያ በሚፈጸምበት ቀን ከሚሠራበት ሕግ ላይ ማየት አለበት። የእኛ ክፍያ ከማሻሻያው በፊት የተፈጸመ ነው።

ግብሩ የሚቀነሰው ከክፍያ ላይ ነው። ስለዚህ በኅዳር ያልነበረው የግብር ዕዳ በጥር ተወለደ። ጥር 20 ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥራቸውንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራቸውን ያስመዘገቡት የ18,600 አክሲዮን ባለቤቶች ነበሩ። የእነሱ ድርሻ 2,790,000 ብር ነው። ተከፋይ የትርፍ ድርሻውን በዚህ መጠን ቀነስኩ፤ 2,511,000 ብር ከባንክ ወጣ፤ 279,000 ብር ደግሞ «ተከፋይ የተቀናሽ ግብር» በሚል ርዕስ ተቀመጠ። ይህ ገንዘብ የፋብሪካው ሒሳብ ውስጥ ቢያድርም የፋብሪካው አይደለም። ወሩ ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ፣ ማለትም በየካቲት፣ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት መግባት ነበረበት፤ ገባም። ስንዴ ለመግዛት ጥሬ ገንዘብ ሲያጥር ዓይን የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። የዘገየ እንደሆነ ወለዱና ቅጣቱ የሚወድቀው በባለአክሲዮኖቹ ላይ ሳይሆን በማኅበሩ ላይ ነው።

ክፍያ ሲባል ደግሞ የግድ ከባንክ መውጣት የለበትም። በሌላ ዓመት አንድ ባለአክሲዮን ከማኅበሩ በዱቤ ዱቄት ወስዶ ዕዳ ነበረበት። «ድርሻዬን ከዕዳዬ ጋር አቻችሉልኝ» አለን። ድርሻው 9,000 ብር ነው። የተቻቻለው ግን 8,100 ብር ብቻ ነው፤ 900 ብሩ ግብር ነው። ሙሉውን 9,000 ብር ብናቻችለው ኖሮ፣ 900 ብሩን ከማኅበሩ ኪስ ማውጣት ግድ ይለን ነበር።

አብዝቼ የምሰጋው ስሕተት ግን ሌላ ነው፤ የሚጀምረውም በሒሳብ ክፍል ሳይሆን በአዳራሽ ውስጥ ነው። ከዓመታት በፊት በሌላ ማኅበር ስሠራ ሰብሳቢው «በእጃችሁ 150 ብር ይገባችኋል» ብሎ ተናገረ፣ ጸሐፊውም እንዲሁ ጻፈው። እኔም ወጣት ነበርኩና ሳልጠይቅ ለሁሉም 150 ብር ሙሉውን ከፈልኩ፤ ግብሩን ደግሞ የማኅበሩ ወጪ አድርጌ መዘገብኩት። ኦዲተሩ ሲመጣ ሁለቱንም ጣለው። በመጀመሪያ፣ የባለአክሲዮን ግብር የማኅበሩ ወጪ ሊሆን አይችልም፤ የትርፍ ክፍፍሉ አካል ሆኖ ከተጠራቀመ ትርፍ ላይ ነው የሚቀነሰው። ሁለተኛው ይብሳል። 150 ብር ከግብር በኋላ በእጅ የሚገባ ከሆነ፣ ጠቅላላው 150 ሲካፈል ለ0.90፣ ማለትም 166 ብር ከ67 ሳንቲም ነው። በኮምቦልቻው ፋብሪካ ልክ ቢሰላ፣ ለ20,000 አክሲዮን 3,333,333 ብር ገደማ ይሆናል። ጉባኤው የፈቀደው 3,000,000 ብር ብቻ ከሆነ፣ ብልጫውን 333,333 ብር ማን ወሰነው? ማንም። ያንን ልዩነት ለማረም የሚቀጥለውን ጉባኤ መጠበቅ ነበረብን፤ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ቃለ ጉባኤ ከመፈረሙ በፊት «ግብር ከመቀነሱ በፊት» የምትለዋ ሐረግ መጻፏን ሳላይ ከአዳራሽ አልወጣም።

ከአጠገቧ ሌላ ዓረፍተ ነገርም እፈልጋለሁ፤ ድርሻው የሚከፈለው በየትኛው ቀን በባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ ለሰፈሩት እንደሆነ የምትናገር። በውሳኔና በክፍያ መካከል ሁለት ወር ካለ አክሲዮን ይሸጣል። በታኅሣሥ አንድ ሰው 50 አክሲዮኑን ለደሴ ነጋዴ ሸጠ፤ በጥር ሁለቱም 7,500 ብሩን ሊወስዱ መጡ። ቃለ ጉባኤው ቀኑን ኅዳር 15 ብሎ ስለነበር ክርክሩ በአምስት ደቂቃ አለቀ፤ ገንዘቡ የሻጩ ሆነ፣ ተቀናሹም በሻጩ መለያ ቁጥር ተመዘገበ። ያ መስመር ባይኖር ኖሮ የሽያጭ ውሉን አስመጥቶ ሽማግሌ ማስቀመጥ ነበር።

አንዳንድ ባለአክሲዮን «ግብሩን ለማምለጥ አንከፋፈል፣ ገንዘቡ እዚያው ይቀመጥ» ይላል። አያመልጥም። የዚያው አዋጅ አንቀጽ 61 ሳይከፋፈል በቀረና መልሶ ሥራ ላይ ባልዋለ ትርፍ ላይም 10 በመቶ ይጥል ነበር። 990,000 ብሩን ካፒታል እንዲሆን ያስወሰንነው ለዚህም ጭምር ነው፤ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ብቻ እንዳይቀር የካፒታል ዕድገቱን ማስመዝገብ አለብን።

መዝገቡ ትክክል መሆኑን የማይበት አንድ ቀላል መንገድ አለኝ። በወሩ የገባውን ተቀናሽ ግብር ለግብሩ ምጣኔ፣ በዚያ ክፍያ ለ0.10፣ አካፍላለሁ። 279,000 ሲካፈል 2,790,000 ይሰጣል፤ በዚያው ወር ከተከፋይ የትርፍ ድርሻ ላይ ከተቀነሰው ጋር እኩል መሆን አለበት። 2,511,000 ላይ 10 በመቶ ተሰልቶ 251,100 ብር የገባ ከሆነ፣ ግብሩ የተሰላው ከጠቅላላው ሳይሆን ከተጣራው ላይ ነውና 27,900 ብር ጎድሏል ማለት ነው።

በጥር ያልመጡት 1,400 አክሲዮኖች ነበሩ፤ 210,000 ብር። አንዳንዱ ባለቤት ከአገር ወጥቷል፣ አንዳንዱ ሞቶ ወራሾቹ አልተስማሙም። ሳይከፈል ግብር አልቀነስኩም፤ ዕዳውንም ወደ ትርፍ አልመለስኩትም። በግንቦት የአንድ ሟች ልጆች የወራሽነት ማረጋገጫቸውን ከፍርድ ቤት ይዘው መጡ። 200 አክሲዮን፣ 30,000 ብር፤ 3,000 ብሩ ተቀንሶ 27,000 ብር ተከፈላቸው፣ ግብሩም በሰኔ ገባ። ሰኔ 30 ቀን 2017 ሒሳቡን ስዘጋ «ተከፋይ የትርፍ ድርሻ» በሚለው መስመር 180,000 ብር ይነበብ ነበር፤ ከጀርባውም የ1,200 አክሲዮን ባለቤቶች የስም ዝርዝር ተያይዟል።