እከክ በወሎ፦ ሌሊት ማሳከክ፣ አብሮ መታከምና የአልጋ ልብስ

እከክ የሚመጣው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማትሞላ ተባይ ቆዳ ውስጥ ቦይ እየቆፈረች እንቁላል ስትጥል ነው። ለአፍታ እጅ በመጨባበጥ ብዙም አይተላለፍም፣ ቆዳ ለቆዳ ቆየት ብሎ መነካካት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ዋናው መንገዱ አብሮ መተኛት ነው። የወሎ ደጋ ደሞ ብርዱ የታወቀ ነው፣ ልጆች በአንድ ጋቢ ስር ተቃቅፈው ነው የሚያድሩት፣ የአብነት ተማሪውም ደረሳውም ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማረውም እንደዛው።

በሽታው ከጥንት ጀምሮ አለ። በደንብ የተመዘገበው ግን የ2008ቱ ድርቅ ጊዜ ነው። የ2007 ክረምት ሳይዘንብ ቀረ፣ ውሃ ጠፋ፣ ያለችው ውሃ ለመጠጥ ብቻ ሆነች፣ ከዛ እከክ በአማራ ክልል ድርቅ ያገኛቸውን ወረዳዎች አዳረሰ። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ታይቶ ከሦስቱ አንዱ ገደማ እከክ ተገኘበት። አይቨርሜክቲን የሚባለው ክኒን በዘመቻ የታደለውም ያኔ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፣ ማለትም ከኛ ወረርሽኝ በኋላ። ቆዳ ሲነሳ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሳይጠቀስ አይታለፍም፣ ለሥጋ ደዌና ለቆዳ በሽታ ስሙ ከድሮ ጀምሮ የተከበረ ቤት ነው።

ምልክቱ ቀን ቻል የሚደረግ፣ ማታ ልብስ ተለብሶ ሰውነት ሲሞቅ ግን እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ ነው። ለምን ሌሊት እንደሚብስ ሙቀቱ ነው የሚሉ አሉ፣ ሳይሆን አይቀርም። ጣት መሀል፣ አንጓ፣ ብብት፣ እምብርት ዙሪያ፣ መቀመጫ፣ ወንዶች ላይ ደሞ ብልት ይታያል። ጨቅላ ላይ መዳፍ፣ ውስጥ እግርና ጭንቅላትም አይቀርም። ቁንጫ አብዛኛውን ጊዜ እግር ላይ ነው የሚነክሰው፣ ትኋን ደሞ ከልብስ ውጭ ያለውን ገላ፣ ጣት መሀል ገብቶ ቤተሰቡን በሙሉ የሚያሳክክ ከሆነ ግን እከክን ጠርጥሩ።

ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ ማሳከኩ ሰውነት ለተባይዋ የሚሰጠው ምላሽ ስለሆነ መጀመሪያ የተያዘ ሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ምንም ላይሰማው ይችላል፣ እያስተላለፈ ግን ነው። ድጋሚ ለተያዘ በ1-4 ቀን ይጀምራል። «እኔን አያሳክከኝም» ያለ ሰው መድኃኒት ሳይቀባ ከቀረ በሽታው ከሱ ተመልሶ ይመጣል።

እንበልና እናት፣ አባት፣ አያት፣ ሁለት ልጆች፣ አንድ የወር ጨቅላ፣ አንድ ደሞ ከተማ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ተከራይቶ የሚማር ልጅ አሉ። የታመመው ተማሪው ብቻ መስሎ እሱ ብቻ ሲታከም ይሻለዋል፣ ለበዓል ቤቱ መጥቶ ከወንድሞቹ ጋር ሲያድር ይመለስበታል፣ ከዛ መድኃኒቱ ይሰደባል። መሆን ያለበት ቤቱም የተከራዩት ልጆችም በአንድ ማታ መቀባት ነው። ፐርሜትሪን 5% ክሬም ከሆነ ከአንገት እስከ እግር ጥፍር፣ ጣት መሀል፣ ጥፍር ስርና መቀመጫ መሀል ሳይቀር ይቀባል፣ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ቆይቶ ጠዋት ይታጠባል። ለአንድ ትልቅ ሰው 30 ግራም ገደማ ይጨርሳል፣ ሌሊት እጁን የታጠበ እጁ ላይ ይደግማል። ከሳምንት በኋላ ሁሉም ይደግሙታል፣ ምክንያቱም ከመጀመሪያው የተረፈ እንቁላል እስከዛ ተፈልፍሎ ይቆያል። አይቨርሜክቲን ክኒኑ ለነፍሰ ጡርና ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም። የወር ጨቅላው ጤና ጣቢያ ታይቶ ብዙ ጊዜ የሰልፈር ቅባት ነው የሚታዘዝለት። ማላታይን ወይም ሌላ የሰብል መድኃኒት ገላ ላይ መቀባት ግን በፍጹም አይሆንም፣ በቆዳ ገብቶ ይመርዛል።

ተባይዋ ከሰው ገላ ከወጣች ከ2-3 ቀን በላይ አትኖርም። አልጋ ልብሱ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ባለሙያዎች እኩል አይስማሙም፣ የሆነው ሆኖ ሥራው ቀላል ነው። በተቀባችሁ ማግስት ጠዋት ያለፉት ሦስት ቀናት አንሶላ፣ የሌሊት ልብስና ፎጣ እጅ በማያስገባ ሙቅ ውሃ፣ 60 ዲግሪ ገደማ፣ ይዘፍዘፍና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ብርድ ልብስ፣ ጋቢና አጎዛ ለማጠብ ውሃ ከሌለ በፌስታል ጥብቅ አርጎ አስሮ ሳምንት ማስቀመጥ ነው፣ ውሃ ለሚያጥረው ቀበሌ ይሄ ከሁሉ ይሻላል። ፍራሹ ሦስት ቀን ካልተተኛበት በቂ ነው። ልብሱ ዛሬ ታጥቦ ቅባቱ ከነገ ወዲያ ከሆነ ግን ድካሙ ባዶ ነው።

ከታከሙ በኋላም ማሳከኩ ከ2-4 ሳምንት ሊቀጥል ይችላል፣ ይሄን ሳያውቁ በየቀኑ ክሬም የሚቀቡ ቆዳቸውን ያቃጥላሉ። ከ4 ሳምንት በኋላ አዲስ ሽፍታ ከወጣ ግን ወይ አቀባቡ ጎድሏል ወይ ያልታከመ ሰው አለ። የቆሰለው መግል ከያዘ፣ በተለይ የልጅ ፊት ካበጠና ሽንቱ ከጠቆረ፣ ኩላሊት ነክቶ ሊሆን ስለሚችል በዛው ቀን ሆስፒታል ነው። ዶርም ውስጥ ደሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳው በሚቀባበት ማታ ቤተሰብ ጋ ሄዶ የነበረው ተማሪ ነው፣ ፕሮክተሩ ስሙን ይዞ ሲመለስ ከመተኛቱ በፊት ማስቀባት አለበት።