ፕሪፊክስ ሰም፦ ብዙ የድምር ጥያቄዎችን እያንዳንዱን በአንድ መቀነስ መመለስ

ፕሪፊክስ ሰም ማለት ከአንድ የቁጥሮች ዝርዝር ተነስቶ የሚዘጋጅ ሁለተኛ ዝርዝር ነው። በእያንዳንዱ ቦታው ላይ ከመጀመሪያው ቁጥር አንስቶ እስከዚያ ድረስ ያለው ድምር ተጽፎበታል። በአማርኛ "የተጠራቀመ ድምር" ቢባል ትርጉሙን ይይዛል። የሚያስፈልገው ዋናው ዝርዝር ሳይለወጥ "ከዚህ እስከዚያ ያለው ስንት ነው?" የሚል ጥያቄ በሺህና በመቶ ሺህ ጊዜ ሲመጣ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ከመብራት ቆጣሪ የተሻለ ምሳሌ የለም። ቆጣሪው የዛሬን ፍጆታ ለብቻው አያሳይም፤ ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ ያለፈውን ሁሉ ደምሮ ነው የሚያሳየው። ያም ሆኖ የወሩን ፍጆታ ለማወቅ የ30 ቀን ፍጆታ እየለቀሙ መደመር አያስፈልግም። ከአሁኑ ንባብ ላይ ያለፈው ወር ንባብ ይቀነሳል፣ አለቀ። የየቀኑ ንባብ ተመዝግቦ ከተቀመጠ ደግሞ የሳምንትም ሆነ የአሥር ዓመት ፍጆታ በዚያው በአንድ መቀነስ ይገኛል። የጊዜው ርዝመት ሥራውን አያበዛውም።

አንድ ወፍጮ ቤት በስምንት ቀን ውስጥ የፈጨው እህል በኩንታል 12፣ 7፣ 0፣ 15፣ 9፣ 20፣ 4፣ 11 ነው እንበል። ዝርዝሩን `x`፣ የተጠራቀመውን ድምር `P` ብለን ስናስቀምጣቸው እንዲህ ይሆናሉ።

```
x:       12    7    0   15    9   20    4   11
P:   0   12   19   19   34   43   63   67   78
```

`P` የሚጀምረው ከ0 ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ከፊቱ ባለው ላይ የዕለቱን ኩንታል ደምሮ የተገኘ ነው። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ምን ያህል ተፈጨ? የስድስተኛው ቀን ማታ ንባብ 63 ነው፤ የሁለተኛው ቀን ማታ ንባብ 19 ነው፤ ልዩነቱ 44። በእጅ ብንደምረውም 0 + 15 + 9 + 20 ያው 44 ይሆናል። ቀኖቹ ከ1 ጀምረው ሲቆጠሩ፣ ጥያቄው የሚጀምርበት ቀን `a`፣ የሚያልቅበት `b` ከሆነ ቀመሩ `P[b] - P[a-1]` ነው። የሚቀነሰው የመጀመሪያው ቀን ንባብ ሳይሆን ከእሱ በፊት የነበረው ቀን ንባብ መሆኑን ልብ ይሏል። `P[a]` ቢቀነስ የመጀመሪያው ቀን ራሱ ከድምሩ ይወጣል። በዚህ ምሳሌ ሦስተኛው ቀን 0 ስለሆነ ስህተቱ አይታይም፤ መልሱ ያው 44 ነው። ስለዚህ ቀመርን ለመፈተሽ ዜሮ ያለበት ጫፍ አይመረጥም።

በፊት የተቀመጠችው 0 ትርፍ ጌጥ አይደለችም። ስምንት ቀን ዘጠኝ ድንበር አለው፦ ከመጀመሪያው ቀን በፊት አንድ፣ ከዚያም ከእያንዳንዱ ቀን በኋላ አንድ። ንባብ የሚወሰደው በድንበሩ ላይ እንጂ በቀኑ ውስጥ አይደለም። የ`P` ርዝመት ከ`x` በአንድ የሚበልጠው ለዚህ ነው። ይህን በአእምሮው የያዘ ሰው `a-1` ይሁን `a` ብሎ አይጨነቅም፤ ጥያቄው የሚጀምርበትን ድንበርና የሚያልቅበትን ድንበር ብቻ ይፈልጋል።

ዜሮዋ ስትዘነጋ የሚመጣው ስህተት ክፉ የሚሆነው ድምፅ ስለማያሰማ ነው። ፓይተን ላይ አንድ ሰው `P`ን 12፣ 19፣ 19፣ 34 ... ብሎ ጀመረ፤ ቀኖቹንም ከ0 እየቆጠረ ከ`l` እስከ `r` ላለው ድምር `P[r] - P[l-1]` ጻፈ። `l` 0 የሆነ ጊዜ `P[-1]` ይጠራል። ይህ በፓይተን ስህተት አይደለም፤ የዝርዝሩን የመጨረሻ ቁጥር ይመልሳል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ድምር 19 መሆን ሲገባው 19 − 78 = −59 ይወጣል። ሁሉም ቁጥሮች አዎንታዊ ሆነው ሳለ አሉታዊ መልስ ከታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ሲ++ ላይ ደግሞ ይባስ ያሳስታል፤ ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ማህደረ ትውስታ ይነበባል፣ እዚያ ያለው በአጋጣሚ 0 ከሆነ ፕሮግራሙ በአንዱ ኮምፒውተር በትክክል ሠርቶ በሌላው ይወድቃል።

የፕሮግራም ውድድር የሚለማመዱ ሰዎች ይህን ዘዴ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት በ`CSES` የልምምድ ስብስብ ውስጥ ባለው `Static Range Sum Queries` ላይ ነው። እዚያ ዝርዝሩ እስከ 200,000 ቁጥር፣ ጥያቄዎቹም እስከ 200,000 ይደርሳሉ፤ እያንዳንዱ ቁጥር እስከ 1,000,000,000 ሊሆን ይችላል፤ የተፈቀደው ጊዜ አንድ ሰከንድ ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከዳር እስከ ዳር እየዞሩ ቢደምሩ በክፉው አጋጣሚ 40 ቢሊዮን መደመር ይጠይቃል። ማሽኑ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ቢደምር እንኳ 40 ሰከንድ ማለት ነው። በፕሪፊክስ ሰም ግን 200,000 መደመር ለዝግጅት፣ 200,000 መቀነስ ለመልስ ይበቃል።

```python
import sys

def main():
    d = list(map(int, sys.stdin.buffer.read().split()))
    n, q = d[0], d[1]
    P = [0] * (n + 1)
    for i in range(n):
        P[i + 1] = P[i] + d[2 + i]
    out = []
    k = 2 + n
    for _ in range(q):
        a, b = d[k], d[k + 1]
        k += 2
        out.append(P[b] - P[a - 1])
    print("\n".join(map(str, out)))

main()
```

ግብዓቱ በአንድ ጊዜ ተነቦ ውጤቱም በአንድ ጊዜ የሚታተመው በምክንያት ነው። ስሌቱ ይህን ያህል ከቀለለ በኋላ ጊዜ የሚበላው ማንበቡና መጻፉ ስለሚሆን፣ 200,000 ጊዜ `input()` እና `print()` መጥራት ትክክለኛውን መፍትሔ ከሰዓቱ ሊያሳልፈው ይችላል። ሌላው የሚያሳስት ነገር `sum(x[a-1:b])` ነው። በአንድ መስመር ስለተጻፈ አንድ ሥራ ይመስላል እንጂ ከውስጥ ያንኑ ረጅም መደመር ይሠራል፤ በዚያ ላይ የዝርዝሩን ቅጂ ያወጣል።

በሲ++ እና በጃቫ ከሁሉ የሚብሰው ችግር የቁጥር መሙላት ነው። 32 ቢት ያለው `int` የሚይዘው እስከ 2,147,483,647 ነው። ከላይ ባለው ጥያቄ ግን አጠቃላይ ድምሩ 200,000 × 1,000,000,000፣ ማለትም 200 ትሪሊዮን ሊደርስ ይችላል። የዝርዝሩ ቁጥሮች እያንዳንዳቸው በ`int` መያዛቸው `P`ም ይያዛል ማለት አይደለም። `P` በ`long long` ወይም በጃቫ `long` መሆን አለበት፤ 200,001 ቁጥሮች በ8 ባይት 1.6 ሜጋባይት ያህል ብቻ ስለሚወስዱ የሚቆጠብበት ምክንያት የለም። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ትንንሹ ሙከራ ያልፋል፣ ትልቁ ሲመጣ መልሱ ይበላሻል።

እዚህ ላይ ቆጣሪው የሚያስተምረን ሌላ ነገር አለ። አምስት አኃዝ ያለው ቆጣሪ 99,999 ከደረሰ በኋላ ወደ 0 ይመለሳል። ያለፈው ንባብ 99,940፣ የአሁኑ 65 ቢሆን ፍጆታው 125 ነው፤ 100,000 ጨምሮ መቀነስ ብቻ ነው። ኮምፒውተርም ላይ እንዲሁ ነው። ምልክት አልባ ቁጥሮች ሞልተው ሲዞሩ፣ እውነተኛው መልስ በዚያው መጠን ውስጥ እስካለ ድረስ ልዩነቱ ትክክል ሆኖ ይወጣል። በጃቫ `int`ም ቢሆን ዙሩ በቋንቋው የተደነገገ ስለሆነ ይሠራል። በሲ++ ግን ምልክት ያለው ቁጥር ሲሞላ ምን እንደሚሆን ቋንቋው ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ ይህን ማወቅ ጥሩ ነው፣ መደገፊያ ማድረግ ግን አይገባም።

አስርዮሽ ቁጥሮች ሌላ ጉዳት አላቸው። 32 ቢት ያለው `float` 16,777,216 ከደረሰ በኋላ 1 ቢጨመርበት አይለወጥም፤ ቀጥሎ ሊይዘው የሚችለው ቁጥር 16,777,218 ነውና። `P` በዚህ ዓይነት ከተያዘ ትልቅ ከሆነ በኋላ ትንንሾቹን መዋጥ ይጀምራል። በዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ ያሉ አጫጭር ጥያቄዎች 0 ወይም የተድበሰበሰ ቁጥር ሲመልሱ፣ መጀመሪያ አካባቢ ያሉት ደግሞ ልክ ሆነው ሲገኙ መንስኤው ይህ ነው። `double` ጉዳቱን ያርቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ገንዘብ ከሆነ ብሩን ወደ ሳንቲም ቀይሮ በሙሉ ቁጥር መደመር መፍትሔው ነው።

ዘዴው ከድምርም አልፎ ለመቁጠር ይሆናል። ወፍጮ ቤቱ ከ10 ኩንታል በላይ የፈጨባቸው ቀናት ስንት ናቸው ቢባል፣ እነዚያን ቀናት 1፣ ሌሎቹን 0 አድርገን 1፣ 0፣ 0፣ 1፣ 0፣ 1፣ 0፣ 1 እንጽፍና የዚህን `P` እናዘጋጃለን፦ 0፣ 1፣ 1፣ 1፣ 2፣ 2፣ 3፣ 3፣ 4። ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን 3 − 1 = 2 ቀን ነው። ወሳኙ የተደመረውን መልሶ ማውጣት መቻሉ ነው። ትልቁን ቁጥር ለመፈለግ ግን አይሆንም፤ እስከ ስድስተኛው ቀን ያለው ከፍተኛ 20፣ እስከ ሰባተኛውም 20 መሆኑ ስለ ሰባተኛው ቀን ብቻ ምንም አይነግረንም። ማባዛትም ዜሮ ባለበት ዝርዝር ላይ ይሰናከላል፤ ዜሮ ከገባ በኋላ ያለው ብዜት ሁሉ 0 ስለሚሆን አካፍሎ መመለስ አይቻልም።

ለሰንጠረዥም ይሠራል። እያንዳንዱ ቦታ ከላይ ግራ ጥግ እስከ እሱ ያለውን ድምር ከያዘ፣ የማንኛውም አራት ማዕዘን ድምር ከአራት ቁጥሮች ይገኛል። ፍራንክሊን ክሮው በ1984 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር ሥዕል ሥራ ያቀረበው ይህንኑ ነው። ፖል ቪዮላና ማይክል ጆንስ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳዩት የፊት መለያ ዘዴም በምስሉ ላይ ያሉ አራት ማዕዘኖችን በፍጥነት ለመደመር አገልግሏል።

የፕሪፊክስ ሰም ድካም ያለው ለውጥ ላይ ነው። የሁለተኛው ቀን ኩንታል 7 ሳይሆን 8 ነበር ተብሎ ቢታረም ከዚያ በኋላ ያሉት ሰባቱም ንባቦች በ1 መጨመር አለባቸው፤ ዝርዝሩ 200,000 ከሆነ አንድ እርማት እስከ 200,000 ንባብ ይነካል። ለውጦቹ ሁሉ ከጥያቄዎቹ በፊት የሚመጡ ከሆነ መላ አለው። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን በየቀኑ 5 ጨምር ቢባል፣ በዜሮ በተሞላ ሌላ ዝርዝር ላይ በሦስተኛው ቦታ 5 ይደመራል፣ በሰባተኛው 5 ይቀነሳል። ትእዛዞቹ ሁሉ ሲያልቁ የዚያ ዝርዝር የተጠራቀመ ድምር ለየቀኑ የሚጨመረውን ይሰጣል፤ ያን በ`x` ላይ ደምሮ `P`ን አንድ ጊዜ ማዘጋጀት ይበቃል። ለውጥና ጥያቄ እየተፈራረቁ ከመጡ ግን ፒተር ፌንዊክ በ1994 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን የፌንዊክ ዛፍ መጠቀም ይሻላል። እዚያ 200,000 ቁጥር ባለው ዝርዝር ላይ አንድ እርማት ቢበዛ 18 ያህል እርምጃ ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ጥያቄም ከአንድ መቀነስ ወደ ሁለት መሰል ጉዞዎች ከፍ ይላል።