መጠበቂያ ቦታና መሰብሰቢያ ቦታ አንድ አይደሉም

ከእሳት አደጋ ልምምድ በኋላ ሁሌ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ዊልቸር የምትጠቀመውን ባልደረባችንን ደረጃው ጋ አድርሰን መውረድ እንችላለን?» ግራ የሚያጋባው የሁለቱ ቦታዎች መምታታት ነው። መሰብሰቢያው ከሕንፃው ውጭ፣ ስም የሚጠራበት ነው። መጠበቂያው ግን እዚያው ፎቅ ላይ፣ እሳት በሚቋቋም ግድግዳና በር ከጭስ የተከለለ ነው፤ የሚያገለግለውም ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ሰው ትቶ መሄጃ አይደለም።

ባልደረባችን የምትሠራው ስድስተኛ ፎቅ ነው እንበል። በእሳት አደጋ ጊዜ ሰው ለማውረድ ተብሎ ካልተሠራ በቀር ሊፍት አይታሰብም። ደወሉ ሲጮህ ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች መጠበቂያው ጋ ያደርሷታል፤ ደረጃው ላይ ግፊያው ሲቀንስ በማውረጃ ወንበር ያወርዷታል። ወንበሩ መጋዘን ውስጥ ከተቆለፈ ግን እቅድ የላችሁም ማለት ነው። አንዱ ፈቃድ ከወጣም ተተኪ መኖር አለበት። እንዴት እንደምትያዝ የምትነግራችሁ እሷው ናት፤ አስቀድማችሁ ጠይቋት።

በሩ እሳትን ስንት ደቂቃ ይቋቋማል የሚለው እንደየሕንፃው ይለያያል። የማይለያየው አንድ ነገር፦ ለንፋስ ተብሎ በድንጋይ ተደግፎ ክፍት የዋለ በር ጭስ አያግድም።