በኪሎ ወይስ በፍሬ? ላውንደሪ ዋጋ ላይ የምንሳሳተው

ደሴ ላይ ልብስ አጥቤና ተኩሼ ነው የምኖረው፣ ስለ ዋጋ የምሰማቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ልመልስ ብዬ ነው። ብሩ የኔ ቤት ሂሳብ ነው፣ እናንተ የራሳችሁን አስገቡበት፣ አሰራሩ ግን ያው ነው።

«ኪሎ ኪሎ ነው፣ ጀለቢያም ሆነ ብርድ ልብስ አንድ ዋጋ ይሁን»

ብዙ ላውንደሪ የሚከስረው እዚህ ጋ ነው። እኔም መጀመሪያ ኪሎውን በ45 ብር አድርጌ፣ መተኮሱንም እዛው ውስጥ ከትቼ ነበር የጀመርኩት። ሐሙስ ከሰዓት ለጁምዓ የሚደርስ ጀለቢያ ይጎርፋል፣ አንዱ 400 ግራም ገደማ ነው፣ ስለዚህ 15 ጀለቢያ 6 ኪሎ ይመዝናል። ማሽኑ በአንድ ዙር 70 ሊትር ውሃ ይፈልጋል፣ ቧንቧ ሲጠፋ በርሜሉን 100 ብር ስለምገዛ ውሃው ብቻ 35 ብር ነው፣ ኦሞ 20፣ መብራት 10፣ ማሽኑ ደግሞ በ105 ሺ ብር ተገዝቶ 3 ሺ ዙር ቢያጥብልኝ ለአንድ ዙር 35 ብር ያረጃል፣ ለመለየትና ለማስጣት የልጅቷ 15 ደቂቃ 20 ብር። በድምሩ 120 ብር፣ ማለትም በኪሎ 20። እስከዚህ ጥሩ ነው።

ከዛ ካውያው ይመጣል። ተኳሿ በቀን 400 ብር ታገኛለች፣ 8 ሰዓት ሱቁ ውስጥ ብትሆንም ካውያ ይዛ የምትቆመው 5 ሰዓት ቢሆን ነው፣ ሌላው ደንበኛ መቀበል፣ ማጠፍ፣ መብራት መጠበቅ ነው፣ ስለዚህ የመተኮስ አንድ ሰዓት 50 ሳይሆን 80 ብር ያወጣል። ጀለቢያ ረጅም ነው፣ ኮሌታው፣ እጅጌው፣ ጎኑ ሲባል 10 ደቂቃ ይበላል፣ 15ቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት ነው፣ 200 ብር። የተቀበልኩት 270፣ ያወጣሁት 320፣ የቤት ኪራይ ሳይነካ!

በዛው ቀን አንዲት እናት ሁለት ብርድ ልብስ አመጡ፣ እሱም 6 ኪሎ፣ እሳቸውም 270 ከፈሉ፣ ብርድ ልብስ ግን አይተኮስም፣ ወጪዬ 120 ብቻ ነው። የጀለቢያውን ኪሳራ እሳቸው ላይ ነው የጫንኩት ማለት ነው፣ ወላሂ ሳሰላው በጣም ነው የከበደኝ። ደግሞ ሰው ሞኝ አይደለም፣ ብርድ ልብስ ያለው ርካሽ ቦታ ፈልጎ ይሄዳል፣ አንተ ጋ ጀለቢያና ሸሚዙ ብቻ ይከመራል፣ ያኔ «ስራ በዝቶ ብር የለም» ትላለህ።

አሁን ለያይቼዋለሁ፣ እጥበት በኪሎ 35፣ ተኩስ በፍሬ፣ ጀለቢያ 18 ብር። ታጥቦ ተተኩሶ አንዱ 32 ብር ይመጣል፣ የብርድ ልብሶቹ ደግሞ ከ270 ወደ 210 ወረዱ። ኪሎው ውሃውን፣ ኦሞውንና ማሽኑን ይለካል፣ የሰው እጅ ግን በሚዛን አይለካም።

«3 ኪሎ ብቻ ነው ያመጣሁት፣ ወጪህ ግማሽ ነው»

አይደለም። ማሽኑ ባዶውንም ቢሆን ዞሮ ነው የሚጨርሰው፣ ሰዓቱ ያው፣ እርጅናው ያው፣ ውሃው ትንሽ ቢቀንስ ነው። በኔ ሂሳብ 3 ኪሎ 100 ብር ገደማ ያስወጣል፣ በኪሎ 33 መሆኑ ነው። ለዚህ ነው መነሻ ኪሎ የምናስቀምጠው፣ ስግብግብነት አይደለም። በሌላ በኩል 8 ኪሎ ስለተባለ ማሽኑን እስከ አፉ መጠቅጠቅም ኪሳራ ነው፣ ከልብሱ በላይ መዳፍ በደንብ የሚያስገባ ቦታ ከሌለ ልብሱ አይገላበጥም ኦሞውም አይለቅም፣ ጥቁር ሱሪ ሲደርቅ ነጭ ነጭ ዱቄት ካሳየ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው፣ ከዛ በራስህ ወጪ እንደገና ማጠብ ነው።

«ከታጠበ በኋላ ቢመዘን ምን ለውጥ አለው»

አለው እንጂ! ጥጥ ማሽን ጨምቆት ሲወጣ እንኳን የክብደቱን ግማሽ ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚወጣው፣ 4 ኪሎው 6 ይሆናል። ሚዛን ሁሌ በደረቁ፣ ደንበኛው እያየ።

«ሙሉ ልብስ ድራይ ክሊን ስንት ኪሎ ነው? በኪሎ አስበው»

እዚህ ኪሎ አይሰራም። ድራይ ክሊን በውሃ አይደለም፣ ፐርክሎሮኢታይሊን የሚባል ፈሳሽ ነው በብዛት የሚጠቀሙት፣ ማሽኑም አጣርቶ መልሶ ስለሚጠቀምበት ለአንድ ኮት የሚያልቀው ትንሽ ነው። ወጪው ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ ኪሱን መፈተሽ፣ ቁልፉ ይችል እንደሆነ ማየት፣ የወጡንና የላቡን እድፍ ለየብቻ በእጅ ማስለቀቅ፣ ትከሻውንና ኮሌታውን በእንፋሎት ቅርፁን መመለስ። 1 ኪሎ የማይሞላ ኮት ከሁለቱ ብርድ ልብስ በላይ የእጅ ሰዓት ይበላል። በኪሎ ልስራልህ የሚልህ ካለ መጀመሪያ በምን እንደሚያጥበው ጠይቀው፣ ውሃ ውስጥ ከገባ ሱፉ ይሸበሸባል፣ ደረቱ ላይ ከውስጥ የተለጠፈው ጨርቅ ተነስቶ አረፋ አረፋ ይሰራል፣ እሱን ደግሞ ካውያ አይመልሰውም።