ከውጭ የመጣ ስልክ ሲም አልቀበል ሲል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ፎርማት ቢደረግ ይከፈታል»

አይከፈትም። ፎርማት የሚያጠፋው ፎቶውን፣ ስልክ ቁጥሩንና አፑን ነው፤ ስልኩን የሸጠው የኔትወርክ ኩባንያ ከራሱ ሲም ሌላ እንዳይቀበል ያደረገበት ሎክ ግን ባለበት ይቆያል። አይፎን ከሆነ ሎኩ በአፕል መዝገብ ላይ ከስልኩ መለያ ቁጥር ጋር ተያይዞ የተቀመጠ ስለሆነ፣ አሥር ጊዜ ቢጸዳም ተመልሶ ያው ነው። እንዲያውም በዋይፋይ ፊልም ሲያሳይ የነበረው ስልክ ከፎርማት በኋላ ገና ሲከፈት ሊታገድ ይችላል።

አሜሪካ ያለ ወንድም ደብረ ብርሃን ላለች እህቱ አይፎን 12 ላከ እንበል። ሲሟን ስታስገባ SIM Not Supported አላት። ለጠጋኝ ብር ከመክፈሏ በፊት Settings፣ ከዚያ General፣ ከዚያ About ትግባና ወደ ታች ወርዳ Carrier Lock የሚለውን ትይ። No SIM restrictions ካለ ስልኩ ክፍት ነው፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። ሌላ ነገር ካለ ሎክ ነው። ያኔ *#06# ደውላ የሚመጣውን ቁጥር ለወንድሟ ትላክለት። ስልኩን የሸጠው ኩባንያ የሚሰማው የውሉን ባለቤት ነውና ጥያቄውን ማቅረብ ያለበት እሱ ነው። ተፈቀደ ሲባል ዋይፋይ አብርታ፣ ሲሟን አስገብታ ስልኩን አጥፍታ ታብራው።

«ሒሳቡ ተከፍሎ አልቋል፣ እንዴት ሎክ ይሆናል?»

ይሆናል። ዕዳው ማለቁ አንድ ነገር ነው፣ ሎኩ መነሳቱ ሌላ። በቅናሽ የሚሸጡ የቅድመ ክፍያ ስልኮች ደግሞ በዚያው ኩባንያ ሲም ለተወሰነ ጊዜ ካልሠሩ አይከፈቱም፤ ከነካርቶኑ ታሽጎ የመጣ ስልክ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው በዚህ ነው። ካናዳ ከ2017፣ እንግሊዝ ከ2021 መጨረሻ ወዲህ (በፈረንጆቹ) ኩባንያዎች ሎክ የሆነ ስልክ እንዳይሸጡ ከልክለዋል። አሜሪካ ግን እንዲህ ያለ አጠቃላይ ክልከላ የለም፤ ስለዚህ ከየት እንደተገዛ አስቀድሞ መጠየቅ ይጠቅማል።

«ሎክ ካልሆነ የትም ይሠራል»

ይህ ከሁሉም ይበልጥ ሰው ያታልላል፤ ምክንያቱም ስልኩ ሲሙን ይቀበላል፣ ምንም የስህተት መልእክት አያሳይም። የኔትወርክ ማማ የሚያሰራጭበትን ሞገድ ስልኩ መስማት ካልቻለ ግን ወይ No Service ይላል፣ ወይ እየደወለ ኢንተርኔቱ ይንቀረፈፋል። እኛ ጋ ፎርጂ በዋናነት በ1800 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም ባንድ 3፣ ይሠራል። ለአሜሪካ ገበያ ብቻ የተሠሩ አንዳንድ ርካሽ ስልኮች ባንድ 2፣ 4፣ 12 እያሉ 3 የላቸውም። ዝቅተኛ ሞገድ ራቅ ብሎ ይደርሳልና፣ 900 የማይዝ ስልክ ደብረ ብርሃን ከተማ ደህና ሠርቶ መንዝ ገጠር ሲገባ ጭራሹን ሊጠፋ ይችላል።

ይህን ጠጋኝ አይፈታውም፤ የጎደለው ዕቃው ላይ ነው። አንድ ዓይነት ስም ያለው ስልክ ለየአገሩ የተለያየ ባንድ ይዞ ይወጣልና፣ ላኪው ከመግዛቱ በፊት በካርቶኑ ጀርባ ያለውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንስቶ ይላክ። በዚያ ቁጥር የባንዱን ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ 3 እና 8 (900 ማለት ነው) መኖራቸውን ማየት ይቻላል።